የቤት ሥራ ፎቶዎችን ደርድሮ ልጆቹ የት ጋ እንደሚስቱ ማግኘት

ሃምሳ ደብተር ተሸክሞ በጅማ ዝናብ ባጃጅ መጠበቅ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ ደብተር ወደ ቤት መውሰድ ካቆምኩ ቆየሁ። ወላጆች፣ ታላቅ ወንድሞች፣ አንዳንዴም ጎረቤት፣ የልጁን የቤት ሥራ ገጽ አንስተው በቴሌግራም ይልኩልኛል። ስልክ የሌላቸውን ልጆች ደብተር ጠዋት ክፍል ውስጥ ራሴ አነሳለሁ።

ፎቶው መምጣቱ ግን ብቻውን ምንም አይጠቅምም። በፊት ምን አደርግ ነበር? አንድ በአንድ ከፍቼ 5 ከ8፣ 3 ከ8 እያልኩ እመዘግብና እተኛለሁ። በማግስቱ ክፍል ገብቼ «ብዙዎቻችሁ አልሠራችሁም» ብዬ ያንኑ ትምህርት ከሀ እስከ ፐ እደግማለሁ። የሚችሉት ይሰለቻሉ፣ የማይችሉትም ያንኑ ስህተት ይደግማሉ። ምክንያቱም ውጤት ስንት እንደሳቱ እንጂ እንዴት እንደሳቱ አይነግርም።

አሁን የምሠራበትን መንገድ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ክፍሉ 4ኛ፣ ትምህርቱ መቀነስ። የሰጠሁት የቤት ሥራ ይህ ነበር፦

1) 68 − 25
2) 52 − 27
3) 81 − 36
4) 374 − 158
5) 435 − 172
6) 603 − 248
7) 500 − 276
8) 740 − 325

ትክክለኛዎቹ መልሶች በተራ 43፣ 25፣ 45፣ 216፣ 263፣ 355፣ 224 እና 415 ናቸው። ያዟቸው፣ ወደ ኋላ እንፈልጋቸዋለን።

ፎቶው

ለወላጆች የምጽፈው መልእክት አጭር ነው። ገጹን መስኮት አጠገብ አድርጉት፣ ስልኩን ከላይ ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ አንድ ፎቶ ላይ አንድ ገጽ ብቻ፣ አራቱም ጠርዝ ይታይ። ማታ መብራት ሄዶ በሻማ የተነሳ ፎቶ 3ን 8 ያስመስላል፣ ስለዚህ ጠዋት ይነሳ፣ አልቸኩልም። ቴሌግራም ደግሞ ፎቶን ሲልክ ይጨምቀዋል። የልጁ እርሳስ የደበዘዘ ከሆነ እንደ ፋይል ላኩልኝ እላለሁ፣ ያኔ ሳይቀነስ ይመጣል። ወደ ጋራው ግሩፕ ሳይሆን ለእኔ ለብቻዬ፤ የአንዱን ልጅ ስህተት ሌላው ወላጅ ማየት የለበትም።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን «አታስጠፏቸው» የሚለው ነው። ላጲስ ጠላቴ ነው። ልጁ 6ን ሰርዞ በላዩ 5 የጻፈበት፣ ከ3 ፊት ትንሽ 1 ያስቀመጠበት፣ እነዚያ ጭረቶች ናቸው ዋናው መረጃ። ወላጅ ግን ቆንጆ ገጽ እንዲታይ ብሎ ያስጠፋል፣ ያኔ መልሱ ብቻ ይቀራል።

ሲደርሱኝ ስም አልጽፍም፣ ቁጥር እሰጣቸዋለሁ። 01፣ 02 እያልኩ። የማን መሆኑን የሚነግረኝ ዝርዝር ለብቻው ደብተሬ ላይ አለ። ስሙን ካየሁ «እሷ እኮ ጎበዝ ናት፣ ተሳስታ ነው» ማለት እጀምራለሁ፣ ራሴን አውቃለሁ።

ከደረሱኝ 16 ፎቶዎች ሁለቱን አወጣሁ። አንደኛው ግማሹ ተቆርጧል። ሁለተኛው ደግሞ ጽሑፉ የልጁ አይደለም፣ ታላቅ እህት ናት የሠራችው፣ የ7 አጻጻፏ ብቻ ይመሰክራል። 14 ቀሩ።

ኤክስ ሳይሆን የተሳሳተውን ቁጥር መጻፍ

ከዚህ በታች ካለው ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። አንድ ሰፊ ወረቀት ላይ ሰንጠረዥ አሰምሩ። ወደ ታች የልጆቹ ቁጥር፣ ወደ ጎን ጥያቄዎቹ። ልጁ ካገኘ ነጥብ ብቻ፣ ከሳተ ግን የጻፈውን መልስ እንዳለ አስገቡ። ኤክስ አታድርጉ። ኤክስ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው፣ 365 ግን የራሱ ታሪክ አለው።

አሞላሉ ላይም አንድ ነገር። ገጽ በገጽ አትሂዱ። ጥያቄ 6ን ይዛችሁ 14ቱንም ፎቶ እለፉ፣ ከዚያ ጥያቄ 7። መጀመሪያ አሰልቺ ይመስላል። ነገር ግን አንዱን ጥያቄ አሥራ አራቴ ተከታትላችሁ ስታዩ ዓይናችሁ ተመሳሳዩን ራሱ ይለቅመዋል። እኔ ጥያቄ 6ን ሳገላብጥ 365፣ ነጥብ፣ 465፣ 365፣ 445፣ 365 እያለ ሲመጣ ቁጭ ብዬ ነቃሁ። አምስት ልጅ፣ አንድ ዓይነት የተሳሳተ መልስ። አምስቱ አንድ ሰፈር አይደሉም፣ አንድ ዴስክም ላይ አይቀመጡም፣ ስለዚህ ተኮራርጀው አይደለም። (ይህንን ግን ሁሌም አጣሩ። ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ዓይነት የእጅ ጽሑፍ አንድ ዓይነት የሳቱ ከሆነ ያ የትምህርት ሳይሆን የጉርብትና ጉዳይ ነው።)

ከተሳሳተው መልስ ወደ አሠራሩ መመለስ

አሁን የመርማሪ ሥራ ነው። ልጁ ምን ቢያደርግ ነው ይህ መልስ የሚመጣው? ልጅ በዘፈቀደ አይጽፍም፣ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ሕግ አለው፣ ሕጉ ነው የተሳሳተው። እኔ ያገኘሁት ሦስት ነው።

ሀ ያልኩት «ገልባጭ» ነው። በየቤቱ ከትልቁ ትንሹን ይቀንሳል፣ የትኛው ላይ እንደሆነ ግድ የለውም። 374 − 158 ላይ ከ4 ውስጥ 8 አልወጣ ሲለው ገልብጦ 8 − 4 ብሎ 4 ይጽፋል፣ መልሱ 224 ይሆናል። 435 − 172 ላይ 343። 500 − 276 ላይ 376። ይህ ልጅ ምንም አይሰርዝም፣ ገጹ ንጹሕ ነው።

ለ ያልኩት ብድሩን የረሳው ነው። ለአንድ ቤት አሥር ይወስዳል፣ ከአሥር ቤት ላይ ግን አይቀንስም። 374 − 158 ላይ 226፣ 435 − 172 ላይ 363፣ 500 − 276 ላይ 334። ትንሿ 1 አለች፣ የተሰረዘ አሃዝ ግን የለም።

ሐ የዜሮው ነው፣ እነዚያ አምስቱ። እስከ ጥያቄ 5 ድረስ አንድም አልሳቱም፣ 8ኛውንም አግኝተዋል። የወደቁት 6 እና 7 ላይ ብቻ ነው፣ 365 እና 234። የአንዷን ፎቶ አስፍቼ አየሁት። 603 ላይ 6ን ሰርዛ 5 አድርጋለች። ከዜሮው ፊት 1 ጽፋ 10 አድርጋለች። ከ3 ፊትም 1 ጽፋ 13 አድርጋለች። 10ሩ ግን አልተሰረዘም፣ 9 አልሆነም። 13 − 8 = 5፣ 10 − 4 = 6፣ 5 − 2 = 3። 365። ማለት ከአንድ መቶ ላይ 10 አሥሮች አውጥታ፣ ለአንድ ቤትም ተጨማሪ 10 ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ሰጥታለች። 100 ዘርዝራ 110 ተቀብላለች ማለት ነው። እንዲህ ያለ ባለሱቅ ብናገኝ ምን ነበረበት።

የሚያጣድፋችሁ ከሆነ አቋራጭ አለ። የልጁን መልስ ከትክክለኛው ጋር አስተያዩ። ሐ ሁልጊዜ በ10 ይበልጣል፣ 365 ከ355፣ 234 ከ224። ለ ደግሞ የአንድ ቤት ብቻ ሲበደር በ10፣ የአሥር ቤት ብቻ ሲበደር በ100፣ ሁለቱም ሲሆን በ110 ይበልጣል። 465 ከ355 ስንት ይበልጣል? 110። ሀ ግን እንዲህ ያለ ቋሚ ልዩነት የለውም። በ10 የበለጠ አይታችሁ ለ ይሁን ሐ ካላወቃችሁ ጥያቄ 4ን ተመልከቱ፣ ሐ እሱን አይስትም።

የራሴ ጥፋት፣ የተመረጡት ቁጥሮች

እዚህ ጋ አፍሬያለሁ። ጥያቄ 2 ላይ ሀዎቹም ለዎቹም 35 ጽፈዋል። ጥያቄ 3 ላይ ሁለቱም 55። ጥያቄ 8 ላይ ሁለቱም 425። እንዴት? አያችሁ፣ 52 − 27 ላይ ገልባጩ 7 − 2 ይልና 5 ያገኛል፣ ብድር ረሺው 12 − 7 ይልና እሱም 5 ያገኛል። በሁለቱ አሃዞች መካከል ያለው ልዩነት 5 ከሆነ ሁለቱ ስህተቶች አንድ መልስ ላይ ይገናኛሉ። እኔ ደግሞ ሳላስብበት 2 እና 7፣ 1 እና 6፣ 0 እና 5 መርጫለሁ። ከስምንቱ ሦስቱ ጥያቄ ልጁ ስቷል ከማለት በቀር ምንም አልነገረኝም። አሁን የቤት ሥራ ሳወጣ ልዩነታቸው 5 የሆኑ አሃዞችን አንድ ቤት ላይ አላገናኝም። የሁለት ደቂቃ ጥንቃቄ ነው።

በእርግጥ ተደጋጋሚ ነው ወይስ መንሸራተት?

አንድ ስህተት አንዴ ከታየ አልቆጥረውም። ልጁ ያንን ስህተት ሊሠራ የሚችልበት ዕድል ስንት ጊዜ ነበር፣ ከዚያ ውስጥ ስንቴ ሠራው? ሐ ዕድሉ ሁለት ብቻ ነበር፣ አምስቱም ሁለቱንም ስተዋል፣ ያ በቂ ነው። ሁለቱ ሀዎችና ሦስቱ ለዎች ከሰባት ዕድል ሰባቱንም። ሦስት ልጆች ሁሉንም አግኝተዋል።

አሥራ አራተኛው ልጅ ጥያቄ 5 ላይ 281 ጽፏል። ለረጅም ጊዜ አፈጠጥኩበት፣ ከሦስቱም ጋር አይሄድም። በመጨረሻ ጥያቄውን ራሱን አነበብኩት፤ 435ን 453 ብሎ ነው የገለበጠው። 453 − 172 በትክክል 281 ነው። ልጁ መቀነስ ይችላል፣ ከሰሌዳ ሲገለብጥ ነው የሳተው። እሱን መቀነስ መልሶ ማስተማር ጊዜ ማባከን ነው፤ ከኋላ ዴስክ ወደ ፊት አምጥቼ ሰሌዳው በደንብ ይታየው እንደሆነ ማየት ይሻላል።

ግምታችሁን የምትፈትኑበት ጥሩ መንገድ ደግሞ መተንበይ ነው። ጥያቄ 6ን አይታችሁ «ይህ ልጅ ሐ ነው» ካላችሁ፣ 7ኛውን ሳታዩ «234 ጽፏል» ብላችሁ ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ ክፈቱ። ከመጣ ይዛችሁታል። ካልመጣ ታሪኩን ለራሳችሁ ፈጥራችሁታል ማለት ነው።

በማግስቱ ከሐዎቹ አንዷን በእረፍት ሰዓት ጠርቼ «እስቲ ይህቺን እያወራሽ ሥሪልኝ» አልኳት። ሠራችና ዜሮው ጋ ስትደርስ «ቲቸር፣ ዜሮ የለውም፣ ስለዚህ ከ6 ወስዶ ለሁለቱም ይሰጣል» አለችኝ። ለሁለቱም። ፎቶው ያልነገረኝ ይህንን ቃል ነበር። ፎቶ ምን እንዳደረገች ያሳያል፣ ለምን እንዳደረገች ግን ከአፏ ነው። ሁሉንም መጠየቅ አይቻልም፣ ከየዓይነቱ አንድ ልጅ ይበቃል።

ምን መልሶ ማስተማር?

አሁን ሰንጠረዡን ሁለት ዓይነት እንቁጠረው። የተሳሳቱትን መልሶች ከቆጠርን ለ 21፣ ሀ 14፣ ሐ 10፣ የመገልበጡ 1። በዚህ አቆጣጠር የዜሮው ነገር ትንሹ ችግር ነው። ልጆቹን ከቆጠርን ግን ሐ አምስት ልጅ፣ ለ ሦስት፣ ሀ ሁለት። ተገለበጠ! ቀይ እስክሪብቶ የሚቆጥር መምህር ክፍሉን በሙሉ ለሦስት ልጆች ችግር ያስቀምጣል።

ሌላም አለ። ሀ እና ለ የሆኑት አምስት ልጆች ዜሮው ላይ ይችሉ አይችሉ ከዚህ ገጽ አይታወቅም። እዚያ ሳይደርሱ ነው የወደቁት። ስለዚህ ዜሮው የሚመለከተው አምስት ብቻ ላይሆን ይችላል።

የወሰንኩት እንዲህ ነው። ሀ እና ለን ረቡዕ ጠዋት ከሰልፍ በፊት 20 ደቂቃ ለብቻቸው። ዜሮውን ለመላው ክፍል፣ በዚያው ቀን አንድ ክፍለ ጊዜ። ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው፤ ገልባጭ ልጅ ዜሮውን ቢሰማም አይገባውም።

ያስተማርኩት በወረቀት ብር ነው። ባለ 100፣ ባለ 10 እና ባለ 1 ቆራርጫለሁ። «መበደር» የሚለውን ቃልም ለጊዜው ጣልኩት። አንድ ልጅ ዓምና «ቲቸር፣ የተበደርነውን መቼ ነው የምንመልሰው?» ብሎኝ መልስ አጥቻለሁ። እውነቱን ነው፣ እዚያ ላይ ምንም ብድር የለም፣ ያለው ዝርዝር ነው። ሕርማታ ገበያ እናቱ ጋ የሚውል ልጅ «ዝርዝር የለኝም» ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ ያውቃል።

603 ብር አለህ፦ ስድስት ባለ መቶ፣ ባለ አሥር የለም፣ ሦስት ባለ አንድ። 248 ክፈል። 8 ባለ አንድ ስጥ፤ የለህም። አንድ ባለ አሥር ዘርዝር፤ እሱም የለህም። እንግዲያው አንዱን መቶ ዘርዝር። አሥር ባለ አሥር መጣ፣ መቶዎቹ አምስት ቀሩ። አሁን ከአሥሩ አንዱን ዘርዝር። እዚህ ላይ ቆም ብዬ «አሁን ባለ አሥር ስንት ቀረህ?» እላለሁ። ይቆጥራል። ዘጠኝ። ባለ አንዶቹ 13። ወዲያው ደብተሩ ላይ 6ን ሰርዞ 5፣ ዜሮን ሰርዞ 10፣ 10ን ሰርዞ 9 ይጽፋል። እጁ ያደረገውን እርሳሱ ተከትሎ ይጽፋል፣ አንዱ ሳይደረግ ሌላው አይጻፍም። ሦስት ጥያቄ በብር፣ ሦስት ያለ ብር፣ ክፍለ ጊዜው አለቀ።

ማጣራት

ወዲያው መፈተን አያስተማምንም፣ ያኔ ሁሉም ይችላል። ቅዳሜና እሁድን አሳልፌ ሰኞ ሦስት ጥያቄ ብቻ ሰጠሁ፣ 64 − 28፣ 702 − 345፣ 900 − 518። ቁጥሮቹን በዚህኛው ጊዜ አስቤባቸዋለሁ። የመጀመሪያው 36 ነው፤ ገልባጭ 44፣ ብድር የረሳ 46 ይላል። ሁለተኛው 357፤ ሀ 443፣ ለ 467፣ ሐ 367። ሦስተኛው 382፤ ሀ 418፣ ለ 492፣ ሐ 392። መልሱን አይቶ ብቻ የማን ዓይነት እንደሆነ ይታወቃል፣ ስሌት አያስፈልግም። ቁራጭ ወረቀት ላይ ሠርተው ሰጡኝ፣ ዴስክ ላይ ደርድሬ በሁለት ፎቶ ጨረስኩት።

ከአምስቱ ሐዎች አራቱ ሦስቱንም አግኝተዋል፣ አንዱ አሁንም 367 እና 392። ከሦስቱ ለዎች አንዷ 64 − 28 ላይ 46 ብላለች፣ እሷ ገና ናት። ሁለቱ ገልባጮች የመጀመሪያውን 36 ብለው አግኝተውታል። ሁለተኛው ላይ ግን ሁለቱም 367 ጻፉ። ባለፈው ሳምንት ቢሆን 443 ይሉ የነበሩ ልጆች ናቸው፣ አሁን መሰረዝ ጀምረዋል፣ ዜሮው ጋ ደርሰው ቆሙ። ከቀረው ሐ ጋር ሦስት ሆኑ። ነገ ጠዋት ከሰልፍ በፊት ብሮቹን ይዤ እጠብቃቸዋለሁ፤ ባለ አሥሮቹ በዝናብ ስለራሱ ዛሬ ማታ አዲስ መቁረጥ አለብኝ።